ከኔትወርክ ማከማቻ የተሰረዙ ፋይሎችን መመለስ

የኔትወርክ ማከማቻ በአንድ ቤት ወይም ቢሮ ያሉ ኮምፒውተሮች ፋይሎቻቸውን በጋራ የሚያስቀምጡበት መሣሪያ ነው። ከዚህ መሣሪያ የተሰረዘ ፋይል በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ባለው ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገኝም፤ የሚፈለገው በራሱ በመሣሪያው ላይ ነው። የሲኖሎጂ ኩባንያ መሣሪያዎች ለዚህ ሁለት መንገዶች አሏቸው፦ ሪሳይክል ቢን እና ስናፕሾት። ሁለቱም የሚጠቅሙት ፋይሉ ከመጥፋቱ በፊት በርተው ከነበሩ ብቻ ነው።

ሪሳይክል ቢን

ሪሳይክል ቢን የሚበራው ለእያንዳንዱ የጋራ ማኅደር ለየብቻ ነው። ከበራ በኋላ ከዊንዶውስ ኮምፒውተር በኔትወርክ በኩል የተሰረዘ ፋይል በዚያው ማኅደር ውስጥ ወዳለው `#recycle` ይዛወራል። ፋይሉን ለመመለስ ከዚያ አውጥቶ ወደ ቀድሞ ቦታው መውሰድ ይበቃል። ማኅደሩ ለሌሎች ተጠቃሚዎች ካልተከፈተ ግን ይህን የሚሠራው የመሣሪያው አስተዳዳሪ ነው። በኤስኤስኤች ገብቶ በ`rm` ትእዛዝ የተሰረዘ ፋይል ወደ `#recycle` አይገባም።

ስናፕሾት

ስናፕሾት የጋራ ማኅደሩ በአንድ ቅጽበት የነበረውን ይዞታ ጠብቆ ያቆያል። `Btrfs` የተባለው የፋይል ሥርዓት ለውጥ ሲመጣ በአሮጌው መረጃ ላይ አይጽፍም፤ አዲሱን ሌላ ቦታ ይጽፋል። ስናፕሾቱ አሮጌውን ስለሚይዝ ሲወሰድ ጊዜም ሆነ ቦታ እምብዛም አይፈልግም። በዚህም የተነሳ ትልቅ ፋይል ተሰርዞ ነጻው ቦታ ካልጨመረ፣ ፋይሉን የያዘ ስናፕሾት ገና አልተወገደም ማለት ሊሆን ይችላል።

ምሳሌ

በአንድ ቢሮ የ`Hisab` ማኅደር ስናፕሾት በየሰዓቱ ይወሰዳል እንበል። ከቀኑ 8፡20 ላይ አንድ ሠራተኛ ተመሳሳይ ስም ያለው የቆየ ፋይል በ`hamle.csv` ላይ ገልብጦ ይተካዋል። 8፡40 ላይ ሌላ ሠራተኛ ፋይሉን ይሰርዘዋል። በ`#recycle` ውስጥ የሚገኘው የተተካው፣ ማለትም የተሳሳተው ፋይል ነው፤ ሪሳይክል ቢን የሚይዘው የተሰረዘን እንጂ የተተካን አይደለም።

ትክክለኛው ፋይል ያለው በ8፡00 ስናፕሾት ውስጥ ነው። አስተዳዳሪው ስናፕሾቶች እንዲታዩ ከፈቀደ በ`#snapshot` ማኅደር ውስጥ በቀንና በሰዓት ተለይተው ይቀመጣሉ። መሣሪያው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሚሠራ፣ በኢትዮጵያ ሰዓት ከተስተካከለ የሚፈለገው 14፡00 የሚለው ነው። ከዚያ `hamle.csv` ብቻ ተገልብጦ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከ8፡00 እስከ 8፡20 የተጻፈ ነገር ካለ ግን አይገኝም።

`Snapshot Replication` በተባለው ፕሮግራም ማኅደሩን በሙሉ መመለስም ይቻላል። ሆኖም ይህ ከ8፡00 በኋላ ሌሎች ሠራተኞች የሠሩትን ሁሉ ወደ ኋላ ስለሚመልስ ለአንድ ፋይል አይመረጥም።

ገደብ

ሁለቱም መንገዶች መረጃውን የሚያቆዩት በዚያው መሣሪያ ዲስኮች ላይ ነው። መሣሪያው ከተሰረቀ ወይም ከተቃጠለ አብረው ይጠፋሉ፤ ስለዚህ ሌላ ቦታ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ቅጂን አይተኩም።