የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሰውን ልጅ ሁሉ ይወክላልን?

ንግግሬን ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ለብዙ ዓመታት በክፍል ውስጥ፣ «ሰው ፍትሐዊ ያልሆነ ድርሻ ሲቀርብለት፣ ራሱን ጎድቶም ቢሆን እንቢ ይላል» እያልሁ አስተምሬአለሁ። ስሕተቱ ያለው «ሰው» በሚለው ቃል ላይ ነው። ማስረጃዬ የተሰበሰበው በአብዛኛው ከሀብታም አገሮች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበርና።

ማስረጃው «ኡልቲሜተም» ከሚባል የሙከራ ጨዋታ የተገኘ ነው። ጨዋታውን ጀርመናዊው ቨርነር ጉት ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 አስተዋወቀው። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ይመረጡና ለአንደኛው ገንዘብ ይሰጠዋል። እርሱም ለሁለተኛው የሚያካፍለውን መጠን ይወስናል። ሁለተኛው ከተቀበለ ሁለቱም ድርሻቸውን ያገኛሉ፤ እንቢ ካለ ግን ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ጥቅሙን ብቻ የሚያሰላ ሰው ከባዶ ጥቂት ይሻለዋልና የቀረበለትን ሁሉ መቀበል ነበረበት። ተማሪዎቹ ግን በአማካይ ከ40 እስከ 50 በመቶ አካፈሉ፤ ከ20 በመቶ በታች ሲቀርብላቸውም ብዙ ጊዜ እንቢ አሉ። ይህ በተደጋጋሚ ስለታየ የሰው ተፈጥሮ ተደርጎ ተወሰደ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በሎስ አንጀለስ የአንትሮፖሎጂ ተማሪ የነበረው ጆሴፍ ሄንሪክ ጨዋታውን በፔሩ የአማዞን ደን ወደሚኖሩት ማቺጌንጋ ወሰደው። እነርሱ ደን መንጥረው የሚያርሱ፣ በየቤተሰባቸው ራሳቸውን ችለው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። አማካዩ ድርሻ 26 በመቶ ሆነ፤ ብዙዎች ያቀረቡት ደግሞ 15 በመቶ ብቻ ነበር። ከ21 ተቀባዮች እንቢ ያለው አንድ ሰው ነው። የቀሩት አነስተኛ ድርሻ ማግኘታቸውን በደል አላሉትም፤ ሰጪ ሆነው አለመመረጣቸውን እንደ ዕድል ቆጠሩት።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አድማጭ፣ «ጨዋታው አልገባቸው ይሆን? ገንዘቡስ አንሶ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ሄንሪክ ለእያንዳንዱ ሰው በምሳሌ አስረድቶ፣ መረዳቱንም በጥያቄ ፈትኖ ነበር ያጫወተው። ገንዘቡም ከሁለት ቀን የሥራ ዋጋ ይበልጥ ነበር። በሎስ አንጀለስ ተመጣጣኝ ገንዘብ አቅርቦ ተማሪዎችን ሲያጫውት ግን አማካዩ 48 በመቶ ሆነ። ያም ሆኖ የአንድ ተመራማሪ፣ የጥቂት ሰዎች ውጤት ብቻውን አያሳምንም። ስለዚህ የተመራማሪዎች ቡድን ጨዋታውን በ12 አገሮች በሚገኙ 15 አነስተኛ ማኅበረሰቦች አካሄደና ውጤቱን በ2001 አሳተመ።

በኢንዶኔዥያ የላማሌራ ዓሣ ነባሪ አዳኞች ከግማሽ በላይ ሰጡ። እነርሱ በትልቅ ጀልባ አብረው የሚያድኑ፣ የአደኑንም ሥጋ በተወሰነ ሥርዓት የሚከፋፈሉ ናቸው። በፓፑዋ ኒው ጊኒ የሚኖሩት አው እና ግናው ደግሞ ከግማሽ በላይ ሲሰጣቸው እንኳ እንቢ ያሉበት ጊዜ ነበር። ያልለመኑትን ስጦታ መቀበል በእነርሱ ዘንድ ብድር መግባት፣ ከሰጪውም በታች መሆን ነው። ውለታ ምን ያህል እንደሚከብድ ለምታውቁት ይህ እንግዳ አይሆንባችሁም። ተጫዋቾቹ ስም ለሌለው ጨዋታ ትርጉም የሰጡት ከየዕለት ኑሯቸው ወስደው ነው።

በማኅበረሰቦቹ መካከል የታየውን ልዩነት በይበልጥ ያብራሩት የገበያ ግንኙነታቸው ስፋትና ከዘመድ ውጭ ተባብሮ የመሥራት ልማዳቸው ናቸው። በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ የግለሰቡ ዕድሜ፣ ፆታ ወይም ሀብት ያን ያህል አላብራራም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ የናሙናውን ቁጥር ማብዛት ችግሩን አይፈታም። አሥር ሺህ ተማሪ ብንጠይቅ ስለ ተማሪዎች የበለጠ እርግጠኛ እንሆናለን እንጂ ስለ ላማሌራ አዳኝ አንዳች አናውቅም።

ሆኖም ወደ ሌላው ጽንፍም አንሂድ። ከ15ቱ በአንዱም ዘንድ ሰው ጥቅሙን ብቻ እንደሚያሰላ የሚገምተው ትንቢት አልሠራም። ማካፈል በሁሉም ዘንድ አለ፤ መጠኑና ትርጉሙ ግን ይለያያል። የትኛው የጋራ፣ የትኛው የአካባቢ እንደሆነ የሚታወቀው ደግሞ በማነጻጸር ብቻ ነው።

ይህ የሌሎች ስሕተት ብቻ አይደለም። እኛም በዚሁ ግቢ መቶ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ጠይቀን፣ በመደምደሚያችን «ኢትዮጵያውያን» ብለን እንጽፋለን። የገጠር ገበሬ፣ አርብቶ አደር ወይም የመርካቶ ነጋዴ ግን በናሙናችን ውስጥ የለም። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ ሳነብ አሁን አስቀድሜ የምመለከተው የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ነው፦ የተጠየቀው ማን ነው? የተጻፈውስ ስለ ማን ነው? በክፍል የማስተምረውንም ዓረፍተ ነገር አርሜአለሁ፤ «ሰው እንቢ ይላል» ማለቴን ትቼ፣ «እነዚህ ተማሪዎች እንቢ አሉ» እላለሁ።