ሌሊት የሚቀሰቅስ ሳል

የሁለት ዓመት ልጅ ነው እንበል። ሁለት ቀን በጉንፋን ሰንብቷል፤ ማታ ግን ተጫውቶ ተኛ። እኩለ ሌሊት ላይ የውሻ ጩኸት የሚመስል ሳል ቀሰቀሰው። ድምፁ ጎርንኗል፤ አየር በሳበ ቁጥርም ከጉሮሮው ሻካራ ድምፅ ይወጣል። ሐኪሞች ይህን ሕመም ክሩፕ ይሉታል።

ብዙውን ጊዜ መነሻው ቫይረስ ነው። ከድምፅ አውታሮች በታች ያለውን የአየር መተላለፊያ ያሳብጠዋል። ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ባሉ ሕፃናት ቦታው ጠባብ ስለሆነ ጥቂት እብጠት እንኳ ትንፋሽን ያውካል።

ልጁ ሲያለቅስ አየሩን በኃይል ስለሚስብ ያበጠው መተላለፊያ ይበልጥ ይጠባል። ስለዚህ ማረጋጋት ራሱ ሕክምና ነው። እናት ወይም አባት ጭናቸው ላይ ቀና አድርገው ያቅፉት፤ ዝግ ባለ ድምፅ ያባብሉት፤ የሚወደውን ተረት ይንገሩት። በግድ ማስተኛት ወይም አፉን ከፍቶ ጉሮሮውን ማየት አይገባም። በባሕር ዛፍ እንፋሎት ማጠንም ለክሩፕ መጥቀሙ አልተረጋገጠም፤ የፈላው ውሃ ግን ልጁን ሊያቃጥለው ይችላል።

በጤና ተቋም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ የሚዋጥ ዴክሳሜታዞን ይሰጠዋል፤ መድኃኒቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እብጠቱን ይቀንሳል። ሕመሙ ከከበደ አድሬናሊን በጉም መልክ እንዲተነፍስ ይደረጋል፤ ውጤቱ ቶሎ ስለሚያልፍ ልጁ ለሰዓታት ክትትል ያስፈልገዋል። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አያጠፋም።

ልጁ ተረጋግቶም ሻካራው ድምፅ ካልጠፋ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከዛለ፣ ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።