ንጥር ቅቤና ቋንጣ ለጤና አደገኛ የሚሆኑት መቼ ነው?

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በብቸና፣ በሞጣና በአካባቢያቸው በሚገኙ የገጠር ቀበሌዎች ንጥር ቅቤና ቋንጣ ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት ተቀምጠው ለምግብነት ይውላሉ። ልማዱ ከጾም ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። በቅበላ ሰሞን ከታረደው በሬ የተረፈው ሥጋ ተዘልዝሎ ይሰቀላል፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ወተት ስለማይጠጣ እየተናጠ ቅቤው ይጠራቀማል። ሁለቱም ለፋሲካ ይወጣሉ፤ የተረፈውም ወደ ክረምቱ ይሻገራል። በሥራ ምክንያት ከአካባቢው ርቀው ለሚኖሩ የመንግሥት ሠራተኞች ከወላጆቻቸው ከሚላከው ስንቅ ውስጥም እነዚሁ አይጠፉም።

ሁለቱ ምግቦች ሳይበላሹ የሚቆዩት ውሃቸው ስለወጣ ነው። በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ያለ ውሃ ሊራቡ አይችሉም። በመሆኑም ስለ ደኅንነታቸው የሚነሣው ጥያቄ በቅድሚያ ስንት ወር ተቀመጡ የሚለው ሳይሆን ውሃው በሚገባ ወጥቷል ወይ፣ ከወጣስ በኋላ ተመልሶ ገብቷል ወይ የሚለው ነው።

ለጋ ቅቤ ከመቶው 16 ያህሉ ውሃ ሲሆን፣ በቤት የተናጠው ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። 3 ኪሎ ግራም ቅቤ ድስት ውስጥ ሲገባ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ አብሮት ይገባል ማለት ነው። ኮዴክስ የተሰኘው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለንጥር ቅቤ የሚጠይቀው የወተት ስብ መጠን ከመቶው 99 ነጥብ 6 በመሆኑ፣ ያ ግማሽ ሊትር ከሞላ ጎደል በሙሉ መውጣት ይኖርበታል። ብቸናና ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ቅቤው በድስቱ ውስጥ ሲንተከተክ የሚታየው ፍላት የውሃው ነው። ውሃው እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ ከዚያ ብዙም አይዘልም። ድምፁ ጸጥ ሲል፣ አረፋው ሲሳሳና ቅቤው እንደ ዘይት ጠርቶ ከሥር ያለው ዝቃጭ ቡናማ መልክ ሲይዝ ውሃው ማለቁን ያመለክታል። ቅቤው ስለቀለጠ ብቻ ከእሳት ከወረደ ግን ውሃው አብሮት ወደ ማስቀመጫው ይገባል።

ቅመሙም ራሱ ውሃ አለው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቀይ ሽንኩርት እርጥብ ሆነው የሚጨመሩ በመሆናቸው ከቅቤው ጋር በደንብ በስለው ውሃቸውን መጨረስ፣ ከዚያም በንጹሕ ወንፊት ወይም ጨርቅ መጠለል አለባቸው። በግማሽ የበሰለ ነጭ ሽንኩርት በቅቤ ተሸፍኖ ለወራት ሲቀመጥ ቦቱሊዝም የተሰኘውን ሕመም የሚያስከትል መርዝ ለሚያመነጨው ባክቴሪያ ምቹ ሁኔታ ይፈጠራል። ይህ ባክቴሪያ የሚያድገው አየር በሌለበት እርጥበት ውስጥ ሲሆን፣ ዘሩም ተራ ፍላትን ተቋቁሞ ያልፋል። አጋጣሚው ብዙ ጊዜ የሚታይ ባይሆንም መርዙ ገዳይ ነው። ዕይታ ለሁለት መከፈል፣ የዐይን ቆብ መውደቅና መዋጥ አለመቻል ሲታዩ ሕመምተኛውን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል።

ከማንጠሩ በኋላ የሚፈጸመው የተለመደ ስሕተት ትኩስ ቅቤ ቀድቶ ወዲያውኑ መክደን ነው። እንፋሎቱ ከክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ወደ ቅቤው ይንጠባጠባል። ወጥ የነካ ማንኪያ መጨመርም ውጤቱ አንድ ነው። በላዩ ላይ ሻጋታ የታየበት ወይም ከሥሩ ውሃ ያቆረ ቅቤ መጣል አለበት።

የሰነፈጠ ቅቤ ግን ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በደንብ የተነጠረና በጨለማ ቦታ እስከ አፉ ሞልቶ የተቀመጠ ቅቤ በደጋ አየር ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ብርሃንና አየር ሲያገኘው ስቡ ተለውጦ ምሬትና የቀለም ዘይት የመሰለ ሽታ ያመጣል። ይህ በአንድ ጊዜ ሰውን የሚጥል መርዝ ባይሆንም ለምግብነት የሚበጅ አይደለም። በኮሰረትና በኮረሪማ እንደገና ማንጠር ሽታውን ይሸፍነው ይሆናል እንጂ የተለወጠውን ስብ አይመልሰውም። የገበያ ነጋዴዎች ለዚህ ዘዴ እንግዳ አይደሉም።

የቋንጣ አደጋ ከቅቤው ይልቅ ፈጣን ነው። እርጥብ ሥጋ ከመቶው 75 ያህሉ ውሃ ነው። አንድ ቤተሰብ 5 ኪሎ ግራም ቀይ ሥጋ ቢዘለዝል ከዚህ ውስጥ 3 ነጥብ 75 ኪሎው ውሃ፣ ቀሪው 1 ነጥብ 25 ኪሎ ደረቅ አካል ነው። ጨውና በርበሬው ሳይቆጠር፣ ከበርካታ ቀናት በኋላ ሚዛኑ 2 ነጥብ 5 ኪሎ ቢያሳይ ገና ግማሹ ውሃ መሆኑን መረዳት ይቻላል፤ እንዲህ ያለው ቋንጣ ሊቀመጥ አይገባም። ክብደቱ ወደ 1 ነጥብ 6 ኪሎ፣ ማለትም ከመነሻው አንድ ሦስተኛ በታች ሲወርድ ግን ውሃው ወደ 20 በመቶ ዝቅ ብሏል። ሚዛን የሌለው ቤተሰብ ቋንጣውን በማጠፍ ሊፈትነው ይችላል። የደረቀው ይሰነጠቃል፣ ውስጡም እንደ ላዩ ጠቆር ያለ ነው። ላዩ ደርቆ መካከሉ ቀይና ልስልስ ከሆነ ዝልዝሉ ወፍራም ነበር ማለት ነው።

ግማሽ ደረቅ የሆነ ሥጋ የሚያሰጋው ጨው የማይበግረው ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ስላለ ነው። ባክቴሪያው ቁስል ካለበት እጅ ወይም ከአፍንጫ ወደ ሥጋው ይተላለፋል። ጨው ሌሎቹን ተሕዋስያን ሲገታቸው እርሱ ብቻውን ይራባል፣ መርዝም ያመነጫል። ባክቴሪያው በእሳት ቢሞትም መርዙ ፍላትን ይቋቋማል። በመሆኑም ቋንጣው በፍርፍር ተሠርቶ ትኩስ ሆኖ ቢቀርብም የበላው ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብርቱ ትውከትና የሆድ ቁርጠት ሊይዘው ይችላል። ሽታውም ሆነ ጣዕሙ አስቀድሞ ላያስጠነቅቅ ይችላል።

በየካቲትና በመጋቢት በሚነፍሰው ደረቅ አየር የተሰቀለ ሥጋ ይህን አደገኛ ደረጃ ቶሎ ያልፈዋል። ችግሩ የሚመለሰው ከሰኔ በኋላ ነው። በክረምት ጉም ቋንጣ ከአየር ላይ እርጥበት ይመጥጣል፤ በላስቲክ ከረጢት የታሰረ ከሆነ ደግሞ ይወይብና ይሻግታል። የሻገተውን ጠርጎ ወይም ፀሐይ አስመትቶ መብላት የተለመደ ቢሆንም፣ አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመነጩት መርዝ በመጥረግም ሆነ በመጥበስ ተሟጦ አይጠፋም። በሐምሌ ቋንጣን ከምድጃ በላይ፣ ጢሱና ሙቀቱ በሚደርስበት ቦታ መስቀል ከከረጢት ይሻላል።

ማድረቅ ሊያስወግደው የማይችለው አደጋም አለ። በድንገት ከሞተ ወይም ታሞ ከታረደ ከብት የተገኘ ሥጋ አባሰንጋ ካለበት፣ ጨውም በርበሬም ሆነ ወራት የፈጀ ድርቀት የበሽታውን ዘር አይገድለውም። ሥጋውን የሚዘለዝለው ሰው ገና ሳይቀምሰው በእጁ ላይ ባለች ጭረት ሊያዝ ይችላል። እንዲህ ያለ ከብት ሳይገፈፍና ሳይከፈት ለእንስሳት ጤና ባለሙያ እንዲታወቅ መደረግ ይኖርበታል።