የነባርና የአዲስ ሠራተኛ ደመወዝ ሲቀራረብ

የደመወዝ መቀራረብ የሚባለው፣ በአንድ የሥራ መደብ ዓመታት ያገለገለ ሠራተኛና በቅርቡ የተቀጠረ ባልደረባው ተቀራራቢ ክፍያ የሚያገኙበት ሁኔታ ነው። የአዲስ ተቀጣሪ ደመወዝ የገበያውን ዋጋ ይከተላል፤ የነባሩ ግን በድርጅቱ ዓመታዊ ጭማሪ ብቻ ያድጋል። ገበያው ከጭማሪው ሲፈጥን ልዩነቱ ይጠባል።

ለምሳሌ በ12,000 ብር የተቀጠረ የሂሳብ ሠራተኛ በየዓመቱ 8 በመቶ ቢጨመርለት፣ ከስድስት ዓመት በኋላ 19,042 ብር ገደማ ይደርሳል። በዚያን ጊዜ ለጀማሪ የሚከፈለው 18,000 ብር ከሆነ፣ የስድስት ዓመት ልምድ ዋጋው 1,042 ብር ብቻ ሆነ ማለት ነው። አዲሱን ሥራ የሚያስተምረው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነባር ሠራተኛ ስለሆነ ቅሬታው ተገቢ ነው።

ለሁሉም እኩል 10 በመቶ መጨመር ችግሩን አይፈታም። አንዱ 19,800፣ ሌላው 20,946 ብር ሲያገኝ፣ ነባሩ የሚበልጠው እንደ ቀድሞው ከ6 በመቶ በታች ነው። መልቀቂያ ላስገባ ብቻ መጨመር ደግሞ ዝም ብሎ የሚሠራውን መቅጣት ነው።

የሚሻለው የመደቡን ሠራተኞች ደመወዝ፣ የአገልግሎት ዘመንና የሥራ አፈጻጸም በአንድ ሰንጠረዥ ማስቀመጥ ነው። ድርጅቱ የስድስት ዓመት ልምድ ከጀማሪ በ25 በመቶ ይብለጥ ካለ፣ የሠራተኛው ደመወዝ 22,500 ብር መሆን አለበት። የጎደለው 3,458 ብር፣ በጀት ካጠረ በሁለት ዙር፣ ከዓመታዊ ጭማሪው ተለይቶ ይሞላል። ለቀጣይ ተቀጣሪ ደመወዝ ከመወሰኑ በፊትም ሰንጠረዡ ካልታየ፣ ክፍተቱ እንደገና ይጠባል።