መድኃኒቱ ዛሬ ይዋጣል፣ ሐዘኑ ግን ለምን ይዘገያል?

በፍኖተ ሰላም አካባቢ በነርስነት ሳገለግል ከቡሬ ገጠር የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ አጥተው፣ እህል አልወርድ ብሏቸው፣ ከቤት መውጣትም ትተው ነበር። ድብርት ነው ተብሎ አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም ማታ ማታ ታዘዘላቸው። በአሥረኛው ቀን ክኒኑን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መለሱልኝ።

«ሲስተር፣ አፌን አደረቀው፣ ቀን ሙሉ ያንጎላጀኛል፤ ሐዘኔን ግን አልነካውም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። የትኛው ቀድሞ እንደሚመጣ ሳልነግራቸው የላክኋቸው እኔ ነኝ።

የአንጎል ሕዋሳት የሚነጋገሩት በኬሚካል ነው። አንዱ ሕዋስ ኬሚካሉን ይለቃል፤ ሌላው «ተቀባይ» በሚባል በር ላይ ይቀበለዋል፤ የተረፈውን ላኪው መልሶ ይሰበስባል። አሚትሪፕቲሊን ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የተባሉት ኬሚካሎች እንዳይሰበሰቡ ያግዳል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። ነገር ግን ላኪው ሕዋስም የራሱ ተቆጣጣሪ ተቀባዮች አሉት፤ ኬሚካሉ ሲበዛባቸው «በቃ፣ ቀንስ» ብለው ልቀቱን ይገታሉ። እነዚህ ተቆጣጣሪዎች ብዛቱን እስኪለምዱና እስኪላሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ሕዋሳቱ ግንኙነታቸውን የሚያድሱትም ቀስ በቀስ ነው። መዘግየቱ በዋናነት ከዚህ እንደሚመጣ ይታመናል።

የአፍ መድረቁ ግን አይጠብቅም፤ መድኃኒቱ ምራቅ የሚያመነጨውን ትእዛዝ የሚቀበለውን በር በቀጥታ ይዘጋል። እንቅልፉም የሂስታሚንን በር በመዝጋቱ የሚመጣ ነው።

ጎረቤት «የእኔን ሞክሪው» ብሎ የሚሰጠው ዳያዜፓም ደግሞ ሌላ ነው። አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ ኬሚካል በተቀባዩ ላይ ስለሚያበረታ በሰዓት ውስጥ ያሳርፋል። ለሳምንታት ከተወሰደ ግን ሰውነት ይለምደዋል፤ በድንገት ሲቋረጥ የሚጥል በሽታ ሊያስነሳ ይችላል። ከአረቄ ጋር ከተወሰደ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልም የዶፓሚንን ተቀባይ በሰዓታት ውስጥ ይዘጋል፤ ሕመምተኛው በቶሎ ይረጋጋል። የሚሰማው ድምፅና የተሳሳተ እምነቱ እስኪደበዝዙ ግን ሳምንታት ያልፋሉ። አንገቱ ከተጣመመ ወይም ሰውነቱ ከገተረ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ለእኒያ እናት ይህንኑ በቀላሉ አስረዳኋቸው፤ መጠኑም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እያለ ጨመረ። መጀመሪያ እንቅልፋቸው ተመለሰ፤ ቀጥሎ እህል ቀመሱ። በስድስተኛው ሳምንት ገበያ ውለው መጡ። ያኔም መድኃኒቱን አላቆሙም፤ ከተሻላቸው በኋላ ቢያንስ ዘጠኝ ወር መቀጠል ያስፈልግ ነበርና።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ክኒን ካለ የተጀመረበትን ቀን ጻፉ፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንትም ቁጠሩ። በዚያ መሐል ሰውየው «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ቀኑን አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ውሰዱት። አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተዋጠ ልብን ያቆማልና ሣጥኑን ቆልፉ፤ የልጅ ልጆቻችሁም እጅ አይድረሰው።