ያልታመመ ልጅ የቲቢ መድኃኒት ለምን ይወስዳል?

ቤት ውስጥ አንድ አዋቂ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ እንዳለበት ሲታወቅ፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚሰጠው ለእሱ ብቻ አይደለም። አብረውት የሚኖሩትን ልጆችም አምጧቸው ይላል። ከዚያ ሲጫወት ለዋለ፣ ትኩሳት እንኳን ለሌለው ልጅ የ3 ወር ኪኒን ይሰጣል። ብዙ ወላጅ እዚህ ጋ ግራ ይጋባል። «ልጄ ምን ሆኖ ነው መድኃኒት የሚውጠው?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ደግሞ በትንሽ ሒሳብ ማየት ይቻላል።

እንበልና አንድ ቤተሰብ 3 በ4 ሜትር በሆነች አንድ ክፍል ውስጥ ይኖራል። አጎት ለሁለት ወር ሲያስለው ከቆየ በኋላ አክታው ተመርምሮ ቲቢ ተገኘ። ቤት ውስጥ የ3 ዓመቷ ሰላም እና የ9 ዓመት ታላቅ እህቷ አሉ።

መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ባክቴሪያው እንዴት ይተላለፋል የሚለው ነው። ብዙ ቤት ውስጥ የታማሚው ሳህንና ብርጭቆ ለብቻ ይደረጋል። ይሄ የሰውየውን ልብ ከመስበር ውጪ የሚጠቅመው ነገር የለም፤ ቲቢ በዕቃም ሆነ በእጅ ሰላምታ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በአየር ነው። አጎት ሲያስል በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍንጣቂዎች ይወጣሉ። ከመቅለላቸው የተነሳ መሬት ላይ ሳይወድቁ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ሌላው ሰው ያንን አየር ይተነፍሳል።

«ብርድ ይመታዋል» ብለን መስኮት የመዝጋት ልማዳችን ችግር የሚሆነውም ለዚህ ነው። የክፍሉ ቁመት 2.5 ሜትር ከሆነ፣ ውስጡ 30 ሜትር ኩብ አየር አለ። ሁሉም ነገር ተዘግቶ አየሩ በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ የሚለወጥ ከሆነ፣ አጎት ካሳለ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከፍንጣቂዎቹ 37 በመቶ ያህሉ እዚያው ናቸው። በርና መስኮት ተከፍቶ ንፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ግን፣ አየሩ በሰዓት 12 ጊዜ ሊለወጥ ይችላል። ያኔ በ20 ደቂቃ ውስጥ የሚቀረው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ብርድ ከተፈራ ለታማሚው ብርድ ልብስ መደረብ ይሻላል፤ መስኮቱ ግን ይከፈት። አጎት ሲያስል አፉን በጨርቅ ወይም በክንዱ መሸፈኑ፣ ቢቻል ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለብቻው መተኛቱ ይረዳል። ትክክለኛውን መድኃኒት ሳያቋርጥ ከወሰደ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ የማስተላለፍ አቅሙ በጣም ይቀንሳል።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አጎት ሳይታወቅለት ሁለት ወር አስሏል። ሰላም በዚያን ጊዜ ባክቴሪያውን ተንፍሳው ሊሆን ይችላል። መስኮት መክፈት ከዛሬ በኋላ ያለውን ይከላከላል እንጂ ያለፈውን አይመልስም።

ባክቴሪያው ሰውነት ውስጥ መግባቱ ብቻ በሽታ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሰውነት መከላከያ ከቦ ይይዘውና ተኝቶ ይቆያል፤ እንዲህ ያለው ሰው አያስልም፣ ወደ ሌላም አያስተላልፍም። ችግሩ የሕፃናት መከላከያ ገና ያልጠነከረ መሆኑ ነው። ባክቴሪያው ከገባባቸውና ምንም ካልተሰጣቸው ከ1 ዓመት በታች ሕፃናት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሊታመሙ ይችላሉ። ከ5 እስከ 10 ዓመት ባሉት ልጆች ውስጥ ግን ቁጥሩ ወደ 2 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ትንንሾቹ ላይ ደግሞ በሽታው ወደ አንጎል ሽፋን ሊሄድ ይችላል። ሲወለዱ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት እንዲህ ካለው ከባድ ዓይነት በደንብ ይከላከላል፤ ቲቢን ሙሉ በሙሉ ግን አያስቀርም። የመከላከያው መድኃኒት ሥራ እንግዲህ የተኛውን ባክቴሪያ ሳይነቃ ማጥፋት ነው።

ታዲያ ለምን ወዲያው ለሁለቱም አይሰጥም? መጀመሪያ ሕመሙ አለመጀመሩ መረጋገጥ ስላለበት ነው። በታመመ አዋቂ ሳንባ ውስጥ ባለ ጉድጓድ መቶ ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ከሚሊዮን አንዱ ያህል ደግሞ እንዲሁ በዘረመል ለውጥ አይሶናያዚድ የተባለውን መድኃኒት ይቋቋማል። ስለዚህ ለታመመ ሰው አይሶናያዚድን ብቻ ብንሰጠው፣ ደካሞቹን ገድለን የሚቋቋሙትን መቶ ያህል እናስቀራለን፤ እነሱም ይራባሉ። በሽታው ባልጀመረው ሰው ውስጥ ግን የባክቴሪያው ቁጥር በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ አንዱ እንኳን የሚቋቋም የመሆኑ ዕድል ጠባብ ነው። ለመከላከል አንድ ወይም ሁለት መድኃኒት የሚበቃው፣ ለሕክምና ግን ብዙ መድኃኒት በአንድ ላይ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ምልክት መፈለግ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ሳል፣ ትኩሳት፣ ሌሊት የሚያጠምቅ ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም አለመጨመር፣ ጨዋታ መጥላት እና መፍዘዝ፣ አንገት ላይ የማይጠፋ ንፍፊት ዋናዎቹ ናቸው። በተለምዶ ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል ይመርመር ይባላል፤ ታማሚ ባለበት ቤት ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቁ። ልጁ በተደጋጋሚ ካስመለሰው፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ።

ወደ ልጆቹ እንመለስ። ታላቋ ለአሥር ቀን ያስላታል፤ አንገቷ ላይም ንፍፊት ወጥቷል። ስለዚህ መከላከያው አይሰጣትም፤ መጀመሪያ ትመረመራለች። ቲቢ ከተገኘባት ሙሉውን ሕክምና ትጀምራለች። አክታ ማውጣት ለማይችሉ ትንንሽ ልጆች ደግሞ ምርመራው በሰገራ ጭምር ሊሠራ ይችላል።

ሰላም ምንም ምልክት የለባትም፤ ክብደቷ 13 ኪሎ ነው። የሚሰጣት ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ በአንድ ላይ የያዘ፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የልጆች ኪኒን ነው። ከ12 እስከ 15 ኪሎ ላለ ልጅ በቀን 3 ኪኒን ነው፤ በየቀኑ ለ3 ወር፣ ማለትም 84 ቀን፣ በጠቅላላው 252 ኪኒን። በየቀጠሮው ትመዘናለች፤ 16 ኪሎ ከደረሰች መጠኑ ወደ 4 ኪኒን ያድጋል። በሳምንት አንዴ፣ 12 ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ሌላ ዓይነትም አለ። የአጎት ቲቢ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ይቀየራል፤ ስለዚህ የእሱ የምርመራ ውጤት ከልጆቹ መድኃኒት በፊት ይታያል።

መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያው ቀን ሽንቷ ብርቱካናማ ይሆናል፤ የሪፋምፒሲን ቀለም ስለሆነ አያስፈራም፣ ለማቋረጥም ምክንያት አይሆንም። የዓይኗ ነጭ ክፍል ቢጫ ከሆነ፣ ምግብ ከጠላች ወይም ደጋግሞ ካስመለሳት ግን ጉበቷ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒቱን አቁሞ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። አንድ ቀን ቢረሳ በማግስቱ እጥፍ አይሰጥም፤ የተለመደው መጠን ይቀጥላል፣ የተዘለለውም ለባለሙያው ይነገራል። የብዙ ልጆች መከላከያ የሚበላሸው በጎንዮሽ ጉዳት አይደለም፤ በሁለተኛው ወር ላይ «ደህና ናት እኮ» ተብሎ ሲቋረጥ ነው። ደህና መሆኗማ መጀመሪያውኑ መድኃኒቱን ለመስጠት የታየው መስፈርት ነበር።

252ኛው ኪኒን ካለቀ በኋላም ዋስትናው መቶ በመቶ አይደለም። ቲቢ ከሌላ ሰው እንደገና ሊገባ ይችላል። ከወራት በኋላ ሰላም ማሳል ብትጀምር ወይም ኪሎዋ ባለበት ቢቆም፣ «መከላከያውን ጨርሳለች» ብሎ መተው ሳይሆን እንደገና ማስመርመር ነው።