ስለ መቻል ሕመም፦ ከእንስሳት ሐኪሙ ለባለቤቱ

ጋሼ፣

ውሻዎን መቻልን ከሽምብጥ ይዘውት የመጡ ዕለት «አንገቱ ሥር ያበጠው የጥርስ ነው ወይ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ጥርስ አይደለም። በመንጋጋው ሥር፣ ከትከሻው ፊትና ከጉልበቱ ኋላ ያሉት ንፍፊቶች በግራም በቀኝም ሎሚ አክለዋል፤ ስጫናቸውም አላመመውም። በመዥገር የሚመጣ በሽታም ንፍፊት ያሳብጣልና፣ በቀጭን መርፌ ናሙና ወስጄ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ጤነኛ ንፍፊት ውስጥ ትንሹም ትልቁም ነጭ የደም ሕዋስ ተቀላቅሎ ይታያል፤ የእሱ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት፣ ትልልቅና ያልበሰሉ ሆነው አገኘኋቸው። ይህ ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ነው። ወደ ልጆችዎም ሆነ ወደ ሌላ ውሻ አይተላለፍም፤ እርስዎ ያጎደሉበትም ነገር የለም።

አራት መድኃኒት እያፈራረቁ ለወራት የሚሰጥ ሕክምና አለ። አብዛኞቹን ውሾች አያድንም፣ ግን በአማካይ አንድ ዓመት ያህል ያቆያል። በየጊዜው የደም ቆጠራና ጥብቅ ጥንቃቄ ስለሚፈልግ እኔ ክሊኒክ ውስጥ ልሰጠው አልችልም። ምንም ካልተሰጠው ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ፕሬድኒሶሎን ብቻ ከወሰደ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ወር ነው የምንጠብቀው።

ፕሬድኒሶሎንን ከመረጡ፣ 20 ኪሎ ስለሚመዝን ባለ 5 ሚሊግራሙን ለመጀመሪያው ሳምንት በቀን 8 ፍሬ፣ ለሁለተኛው 6፣ ከዚያ በኋላ 4 ፍሬ ከምግብ ጋር ይስጡት። በጥቂት ቀናት ውስጥ እብጠቱ ይሟሽሻል፣ ይበላል፣ ወደ ሐይቁ ዳርም ልሂድ ይላል። ብዙ ሰው ዳነ ብሎ ክኒኑን የሚያቋርጠው ያኔ ነው። አልዳነም፤ ድንገት ማቆሙም ራሱ ይጎዳዋል። ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፣ ሌሊትም ለሽንት ይወጣል፤ ውሃውን እንዳይቀንሱበት። ስለሚርበው የወጥ ትራፊ ይለምንዎታል፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ስለሚያበላሽ አይስጡት። ቤት ያለውን ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከዚህ ጋር ፈጽሞ አያቅምሱት፤ ጨጓራውን ያቆስላል። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ የዚያኑ ዕለት ይደውሉልኝ።

ማታ ሲተኛ ትንፋሹን ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ከ30 በታች ደህና ነው፤ ከ40 በላይ እየሆነ ከቀጠለ፣ ምግብ ከተወ፣ በሩ ሲከፈት ተነሥቶ ካልተቀበለዎት ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቤትዎ ድረስ እመጣለሁ። የምሰጠው ለጎዳና ውሻ የሚጣለውን፣ እያንዘፈዘፈ የሚገድለውን መርዝ አይደለም። በመጀመሪያ በሚያስተኛ መርፌ ያንቀላፋል፤ ልቡን የሚያቆመው ሁለተኛው የሚከተለው ራሱን ካላወቀ በኋላ ነው።

ክኒኑን ከመጀመርዎ በፊት ግን ትልቁን ሕክምና ሌላ ቦታ መሞከር ይፈልጉ እንደሆነ ይወስኑ፤ ፕሬድኒሶሎን ቀድሞ የወሰደ ውሻ ለሌሎቹ መድኃኒቶች በደንብ አይታዘዝም። እስከ ዓርብ መልስዎን እጠብቃለሁ።